ሳሩን አይቶ የሚፈርመው የሰንጋ ተራ ሠራተኛ

ሰንጋ ተራ ዛሬ ሰንጋ የለም። ያለው የባንክ ፎቅ ነው፤ መስታወቱ ከሩቅ ዓይን የሚወጋ፣ አንዱ ከሌላው በአንድ ፎቅ ልበልጥ የሚል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ግን እዚያው ሰፈር አለላችሁ! ክራባት አስሯል፤ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል፤ ከምሳ ሰዓት በኋላም ማኪያቶውን ይዞ በስልኩ ስለ ሥልጠናው ያወራል። «ሲሳ ሊያስተምሩኝ ነው እኮ! ሙሉውን ድርጅቱ ነው የሚከፍለው!»

ሙሉውን ድርጅቱ ነው የሚከፍለው? እስቲ እንየው።

ነገሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ ሐሙስ ወይም ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። የሰው ኃይል ክፍል ይጠራሃል። «ወንድሜ፣ ሥልጠናው ሰኞ ይጀመራል፤ ይቺን ፈርምና ሂድ። ዋስህንም ነገ ጠዋት ይዘህ ና» ይሉሃል። የሚሰጡህ አራት ገጽ ወረቀት ነው። ርዕሱ «የሥልጠናና የአገልግሎት ግዴታ ውል» ይላል። መግቢያው ላይ ያለው ምስጋናና ምርቃት ስንፍና ያስይዝሃል። አንተም የመጀመሪያውን ገጽ ታነብና የመጨረሻው ላይ ትፈርማለህ። ገደሉ ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ወዳጄ የፈረመው እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም፤ ምክንያቱም አንድ ቤት ብቻ የሚሠራው ግፍ አይደለም። ወዳጄ ደመወዙ 24,000 ብር ነው። በኦዲት ክፍል ከተመደበ ገና ዓመቱ ነበር። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም ላይ የሲሳን፣ ማለትም የኢንፎርሜሽን ሲስተም ኦዲተር የምስክር ወረቀትን ሥልጠና አጠናቀቀ። ፈተናውንም አለፈ። መሥሪያ ቤቱ ለክፍል ትምህርቱ 60,000 ብር ከፈለ። የፈተናው ዋጋ ደግሞ ያኔ አባል ላልሆነ ሰው 760 ዶላር ነበር፤ ዶላሩም 57 ብር ገደማ ስለነበር 43,320 ብር ሆነ። በድምሩ ድርጅቱ ከኪሱ ያወጣው 103,320 ብር ነው። ግዴታው የሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር።

በግንቦት 2017 ዓ.ም፣ ሥልጠናውን በጨረሰ በ13ኛው ወር፣ መንገድ ማዶ ያለ ሌላ ባንክ የተሻለ ደመወዝ ሰጠው። ወዳጄም ደንቡን አክብሮ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ጻፈ። እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አሰላ። «ከ24 ወር 13ቱን አገልግያለሁ፤ የቀረኝ 11 ወር ነው። 103,320 ለ24 ሲካፈል በወር 4,305 ብር ነው፤ በ11 ሲባዛ 47,355 ብር። እሱን ከፍዬ እወጣለሁ» አለ። አዲሱ ባንክም «አይዞህ፣ ይቺን እኛ እንከፍልልሃለን» አለው።

የሰው ኃይል ክፍሉ ግን ደብዳቤ ጻፈለት። የተጠየቀው 213,500 ብር ነው!

አትደናገጡ፤ ይህ የመጣው ከአስማት አይደለም። የመጣው ከአራት ቃላት ነው። አንድ በአንድ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ቃል «ካገኘበት» ነው። ውሉ «ሠራተኛው የምስክር ወረቀቱን ካገኘበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ያገለግላል» ይላል። እንግዲህ ሲሳን የሚሰጠው ኢሳካ የሚባለው ድርጅት ፈተና ላለፈ ሰው ሁሉ ወዲያውኑ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የዲግሪ ትምህርት የተወሰነውን ዓመት ያካክሳል እንጂ ሁሉንም አይተካም። ወዳጄ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ቢያልፍም ልምዱ ገና ስላልሞላ ወረቀቱ እጁ አልገባም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ምን አለ መሰላችሁ? «የአገልግሎት ግዴታህ ገና አልጀመረም!» 13 ወር ሠርቶ፣ ሪፖርት አቅርቦ፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ዞሮ፣ በሕግ ዓይን አንድ ቀን አላገለገለም ማለት ነው። ለመሆኑ ይህን ሐረግ ያረቀቀው ሰው የኢሳካን ደንብ አያውቅም? ያውቃል እንጂ! የማያውቀው ፈራሚው ነው። «ካገኘበት» የሚለው «ካጠናቀቀበት» ቢባል ኖሮ 13ቱ ወር ይቆጠርለት ነበር።

ሁለተኛው ቃል «ማንኛውንም» ነው። «ለሥልጠናው የወጣውን ማንኛውንም ወጪ» ይላል ውሉ፤ ቁጥር አልተጻፈም። ስለዚህ ሥልጠናው ላይ በተቀመጠበት ሁለት ሳምንት የተከፈለው ደመወዝ፣ 12,000 ብር፣ ወጪ ተብሎ ተደመረ። የሠራበትን ደመወዝ መልስ ማለት እኮ ነው! ሥልጠናው ላይ ተቀምጦ የነበረው በድርጅቱ ትእዛዝ፣ በሥራ ሰዓት ነው። ነገ ደግሞ የቡናና የዳቦውን፣ የአዳራሹን ኪራይ፣ የሹፌሩን አበል ቢደምሩስ ማን ይከለክላቸዋል? ውስጥ ለውስጥ በራሱ ሠራተኛ፣ በራሱ ሶፍትዌር ላይ የሰጠውን የሁለት ቀን ገለጻ የገበያ ዋጋ ለጥፎ ወጪ ነው የሚል አለላችሁ። ያ ሥልጠና አይደለም፤ አሠሪ ሥራውን ለሠራተኛው የማሳየት ግዴታው ነው። ሌላ ቦታ ይዘኸው የማትሄደው ነገር ላይ ዕዳ አይፈረምም።

ሦስተኛው ቃል «በዕለቱ» ነው፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። «በውጭ ምንዛሪ የተከፈለው በክፍያው ዕለት ባለው የምንዛሪ ዋጋ ይመለሳል» ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ዶላሩም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ግንቦት 2017 ላይ 130 ብር ብለን ብናሰላ 760 ዶላሩ 98,800 ብር ይሆናል። ድርጅቱ ያወጣው 43,320 ብር ነው፤ የሚቀበለው 98,800 ነው። ደመወዙ በዶላር ያልተከፈለው ሰው ዕዳው ለምን በዶላር ሆነ? ደመወዝ ጨምሩ ሲባሉ «ወጪያችን በብር ነው» የሚሉት እነዚሁ ሰዎች አይደሉም እንዴ?

አራተኛው ቃል «መቀጫ» ነው። በሁሉም ላይ 25 በመቶ ይታከላል። እንግዲህ ደምሩት፤ 98,800፣ 60,000 እና 12,000 ሲደመር 170,800 ብር። ሃያ አምስት በመቶው 42,700 ነው። ያው 213,500 ብር መጣላችሁ። የምንዛሪዋን ሐረግ ብቻ አውጥተን በወጣበት ዋጋ ብናሰላው እንኳ 144,150 ብር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሥልጠና፣ አንድ መልቀቂያ። በአንዱ አጻጻፍ 47,355፣ በሌላው 213,500!

አሠሪዎቹ የሚያነሱት ነገር አለ፤ አልክድም። «እኛ አስተምረን ጎረቤት ይወስድብናል» ይላሉ። እውነት ነው። ሰንጋ ተራ ላይ አንዱ ባንክ ከሌላው ኦዲተርና ኔትወርክ አዋቂ ሲሻማ እናያለን። ገንዘቡን ያወጣ አሠሪ ያልተገለገለበትን ክፍል ይመለስልኝ ቢል ነውር የለውም። ሕጋችንም አይከለክለውም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው። የምጣላው ወጪን ከማስመለስ ጋር አይደለም። የምጣላው ወጪን ከማትረፍ ጋር ነው! ያወጣውን 103,320 እጥፍ አድርጎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አስተማሪ ሳይሆን አራጣ አበዳሪ ነው።

ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል እንይ፤ ሁለቱን ነገሮች የሚያምታታ ሰው ብዙ ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የመልቀቅ መብት አለው፤ አንቀጽ 31 ነው። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ቢወጣ እንኳ በአንቀጽ 45 የሚከፍለው ካሣ ከሠላሳ ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ብዙ ወጣት ይህን ሰምቶ «ከፍተኛው የአንድ ወር ደመወዝ ነው» ብሎ ተዝናንቶ ይፈርማል። ተሳስቷል! ያ ጣሪያ የማስጠንቀቂያው ነው። የሥልጠናው ዕዳ በተለየ ውል የገባኸው ነውና ያ ጣሪያ ያድነኛል ብለህ አትተኛ። በዚያ ላይ የምስክር ወረቀቱ አሳድጎህ «የሥራ መሪ» ከሆንክ አዋጁ ራሱ አንተን አይመለከትም። ሹመት ነው ብለህ የጨፈርክበት ደብዳቤ ጥበቃህን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ሌላም አለ። ያው አዋጅ በአንቀጽ 39 ስለ ሥራ ስንብት ክፍያ ሲናገር፣ አምስት ዓመት ያገለገለና በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ክፍያውን የሚያገኘው ከሥልጠና ጋር የተያያዘ ቀሪ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት ነው ይላል። አያችሁ? የዕዳው ወረቀት ከአንድ ኪስ ብቻ አይደለም የሚወስደው። ስድስት ዓመት የሠራ ሰው በሰባተኛው ዓመት ለአንዲት የሁለት ሳምንት ኮርስ ፈርሞ ቢወጣ፣ የስንብት ክፍያውም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። (የባንክ ሰው ደግሞ በሠራተኛ ወለድ የወሰደው የቤት ብድር ካለ፣ ሲለቅ ወለዱ ምን እንደሚሆን ያንን ውል ከዚህኛው ጎን አስቀምጦ ያንብብ። ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

መከላከያም አለ፤ ጨርሶ የተዘጋ በር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1893 ውሉ በከፊል የተፈጸመ እንደሆነ ፍርድ ቤት መቀጫውን ሊቀንሰው እንደሚችል ይናገራል። ሊቀንስ ይችላል፤ «ይቀንሳል» አላልኩም። ከደመወዝ የሚቆረጠውም በአንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የአገልግሎት ማስረጃ ደብዳቤህን ደግሞ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ «ዕዳህን ካልከፈልክ ልምድህን አንጽፍም» የሚሉት ፈሊጥ ከአዋጁ ውስጥ የተገኘ አይደለም። ወዳጄን ግን የመጨረሻ ወር ደመወዙንም፣ ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ ገንዘብም፣ የልምድ ወረቀቱንም በአንድ ላይ ያዙበት።

ከሁሉ የከፋው የዋሱ ጉዳይ ነው። ወዳጄ ዋስ አድርጎ የጠራው አጎቱን ነው፤ የመንግሥት ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው። እሳቸው «ልጃችን ሊማር ነው» ብለው ደስ ብሏቸው መጡ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ» ተባሉ፤ ፈረሙ። ወረቀቱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» ይላል። ይቺ ሐረግ ቀላል መስላ ታታልላለች። ትርጉሟ ድርጅቱ ልጁን ሳይከስስ፣ ልጁን ሳይጠይቅ፣ በቀጥታ እሳቸው ቤት መምጣት ይችላል ነው። ተራ ዋስ ቢሆኑ ኖሮ «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ፈልጉ» የማለት መብት ነበራቸው።

ሆኖም ሕጉ እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ነገር አለው፤ ዋስ የሚሆን ሁሉ ይወቀው። በአንቀጽ 1922 ዋስትናው የተሰጠበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ውጤት የለውም። «ለማንኛውም ወጪ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርመህ ከሆነ ወደ ጠበቃ ሂድ። ገና ልትፈርም ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ በል፤ «በአንድነትና በነጠላ» የምትለውም ትሰረዝ በል። የአየር መንገድ ሠልጣኝም፣ የባንክ ሠልጣኝም ዋስ ይዞ ይመጣል። ዋሱ ግን ውሉን ሲያነብ ያየ ሰው አለ? ዕቁብ ላይ እንኳ ዋስ ስንሆን ስንት ብር እንደሆነ እንጠይቅ የለም እንዴ?

«ይህ የድሃ አገር ነገር ነው፤ ፈረንጅ ዘንድ እንዲህ የለም» የሚል ካለ ይረጋጋ። አሜሪካም ሲደረግ ኖሯል። አሁን ግን የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች፣ ሠራተኛ በመልቀቁ ብቻ ለአሠሪው ዕዳ እንዲከፍል የሚያደርጉትን አብዛኞቹን ከልክሏል። ሠራተኛው የትም ይዞት ለሚሄደው የምስክር ወረቀት ግን በር ክፍት ትቷል፤ በቅድመ ሁኔታ። ውሉ ከቅጥር ውሉ የተለየ ይሁን፤ ሥልጠናው ለሥራው የግድ አይሁን፤ የሚመለሰው ገንዘብ ሠራተኛው ከመስማማቱ በፊት በቁጥር ይታወቅ፤ ዕዳው በተገለገለው ጊዜ ልክ እየቀነሰ ይሂድ፤ በራሱ ጥፋት ካልሆነ በቀር አሠሪው ያሰናበተው ሰው አይከፍልም። ወዳጄ ላይ የጎደለው ይኸው ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ የግድ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም፤ በኅብረት ስምምነት ሊገባ ይችላል። የባንክ ሠራተኛ ማኅበራት የት ናችሁ? በየዓመቱ ስለ ጉርሻና ስለ ሸሚዝ ስትደራደሩ፣ አባሎቻችሁ በየሳምንቱ ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ምን እንደሚፈርሙ አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ያቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ልመለስባት፤ ብዙ ሰው የማያያት ናትና። አብዛኛው ውል «ሠራተኛው በማንኛውም ምክንያት ሥራውን ቢያቋርጥ» ይላል። ድርጅቱ ሠራተኛ ቀንሶ ቢያሰናብትህስ? ታመህ ብትወጣስ? ሕገወጥ ስንብት ቢፈጽምብህስ? «በማንኛውም ምክንያት» ሁሉንም ይውጣል። አባርሮህ ደግሞ ክፈል ሊልህ ነው! እዚህ ላይ የሚጻፈው «በራሱ ፈቃድ ቢለቅ ወይም በአዋጁ አንቀጽ 27 በተዘረዘረ ጥፋት ቢሰናበት» መሆን አለበት፤ ሌላ አይደለም።

ወዳጄ መጨረሻው ምን ሆነ? ጠበቃ ይዞ አንቀጽ 1893ን ጠቅሶ ደብዳቤ ጻፈ። ከሁለት ወር ንትርክ በኋላ 110,000 ብር ላይ ተስማሙ። የልምድ ወረቀቱም ተለቀቀለት። ገንዘቡን አዲሱ ባንክ ከፈለ። «ከፈልንልህ» አሉት። ሊያመሰግን ሲል አንድ ወረቀት አቀረቡለት። 110,000 ብሩ የሦስት ዓመት የአገልግሎት ግዴታ ያለበት ብድር ሆኖ ተጽፏል፤ ዋስም ያስፈልጋል። ከአንዱ ጋጥ ወጥቶ ወደ ሌላው ጋጥ!

ይህን ጊዜ ግን ወረቀቱን «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ ይዞት ወጣ። እነሱም ተቆጡ፤ «ሌላው ሁሉ እዚሁ ነው የሚፈርመው» አሉት። ሁለት ቀን አነበበው። በሦስተኛው ቀን ሦስት ነገር አስቀየረ፤ ዕዳው በየወሩ አንድ ሠላሳ ስድስተኛ እየቀነሰ እንዲሄድ፣ ድርጅቱ ካሰናበተው እንዲሰረዝ፣ የዋሱ መጠን 110,000 ብር ተብሎ በፊደል እንዲጻፍ። መቀጫዋን ግን እምቢ አሉት፤ 10 በመቶ ሆና ቀረች።

ዋስ ሆነው የመጡት እኚያው አጎቱ ናቸው። ይህን ጊዜ መነጽራቸውን ይዘው ነበር የመጡት። አራቱንም ገጽ ቆመው አነበቡ። የሰው ኃይል ልጅቱ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ብቻ ነው» ስትላቸው «ልጄ፣ ቆዪ፤ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነኝ» አሏት።